ሆርሞን በ51 እና በ64 ዓመት መጀመር አንድ አይደለም

«ድሬዳዋ ነኝ፤ ዕድሜዬ 51፣ የወር አበባዬ ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሌሊት ግለት ተነሥቶብኝ በላብ እጠመቃለሁ። የ64 ዓመት እህቴም እንደዚሁ ናት፤ የእሷ በ50 ነው የቆመው። ሁለታችንም ሆርሞን ብንጀምርስ?»

ለእርስዎ ሊሆን ይችላል፤ እህትዎ ግን አሁን ባይጀምሩ ይሻላል። ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም የወር አበባዋ ከቆመ 10 ዓመት ላልሞላት ጤናማ ሴት፣ ሆርሞኑ ግለቱንና ላቡን ስለሚቀንስ፣ አጥንትንም ከመሳሳት ስለሚጠብቅ ጥቅሙ ብዙውን ጊዜ ያመዝናል። በእህትዎ ዕድሜ ሲጀመር ግን የደም መርጋት፣ የስትሮክና የልብ ሕመም ሥጋቱ ከፍ ይላል፤ ሆርሞን የሌላቸው ግለት ቀናሽ መድኃኒቶች ስላሉ ስለ እነርሱ ሐኪም ይጠይቁ።

የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት ሕመም ኖሮብዎት ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።

በዋናነት የማስጠነቅቅዎት፣ በአዋላጅነት ሥራዬ ደጋግሜ ስላየሁት፣ ከሆርሞኖቹ አንዱን፣ ኢስትሮጅንን፣ ብቻውን ገዝተው እንዳይጀምሩ ነው። ማሕፀንዎ ካልወጣ ኢስትሮጅን ብቻውን የማሕፀንን ውስጠኛ ሽፋን አወፍሮ ለካንሰር ስለሚያጋልጥ፣ ሌላው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን አብሮት መታዘዝ አለበት። ደም ከታየዎት «የወር አበባዬ ተመለሰ» ብለው ሳይዘገዩ ይመርመሩ።