ሕግ መጣስ ኃጢአት የማይሆነው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጓደኞቼ ፍትሕ የጎደለው የሚሉትን አንድ ሕግ ለመቃወም ሰልፍ ሊወጡ ነው። ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለዋል፤ ቢሆንም እንወጣለን ብለዋል። እኔንም ነይ እያሉኝ ነው። አንዷ «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል» የሚለውን ትጠቅስልኛለች። እናቴ ደግሞ ሮሜ 13ን ከፍታ «ነፍስ ሁሉ በበላይ ላሉት ባለ ሥልጣኖች ይገዛ» ትለኛለች። ሁለቱም የእግዚአብሔር ቃል ነው። ብሄድ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ጓደኛሽ የጠቀሰችው ቃል እውነት ነው። ግን የእናንተን ጉዳይ በቀጥታ አይነካም። ከዚያ ልጀምር።

ሐዋርያት ይህን የተናገሩት በሸንጎ ፊት ቆመው ነው። በኢየሱስ ስም እንዳታስተምሩ ተብለዋል። ጌታ ደግሞ አስተምሩ ብሏቸዋል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መፈጸም አይቻልም። በግብፅ አዋላጆቹ ሲፓራና ፉሐ ወንድ ሕፃን ሲወለድ ግደሉ ተባሉ። ሠለስቱ ደቂቅ ለወርቁ ምስል ስገዱ ተባሉ። ዳንኤል ሠላሳ ቀን ሙሉ ከንጉሡ በቀር ማንንም እንዳይለምን ታዘዘ። በእነዚህ ሁሉ ሕጉ ሰውየውን ራሱን «ኃጢአት ሥራ» ወይም «እግዚአብሔር ያዘዘህን ተው» ይለዋል። እንዲህ ሲሆን አለመታዘዝ ግዴታ ነው። ውጤት ያመጣል ወይስ አያመጣም ተብሎ አይሰላም። ሠለስቱ ደቂቅ ለናቡከደነፆር አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም ግን አንሰግድም ያሉት ለዚህ ነው።

የእናንተ ግን ሌላ ነው። የምትቃወሙት ሕግ ይበድላችኋል እንጂ ኃጢአት ሥሩ አይላችሁም። ልትጥሱት ያሰባችሁትም እሱን አይደለም። የምትጥሱት «ሰልፍ በፈቃድ ይሁን» የሚለውን ሌላ ሕግ ነው። ያ ደግሞ በራሱ ክፉ አይደለም። መንገድ የሁሉም ነው፤ አምቡላንስም ያልፍበታል። አንዱን ክፉ ሕግ ለማስቀየር ሌላውን ደህና ሕግ መጣስ ማለት ነው። ይህ ግዴታ ሆኖ አያውቅም። ሊፈቀድ ይችላል፣ ግን በብዙ ነገር የታጠረ ነው። ሁለቱን ዓይነት ማምታታት አደገኛ ነው፤ ሰው የራሱን ምርጫ የእግዚአብሔር ትእዛዝ አድርጎ ይይዘውና የሚመክረውን መስማት ያቆማል።

እናትሽ የጠቀሰችው ክፍልም ሙሉውን መነበብ አለበት። ቅዱስ ጳውሎስ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ ሥልጣን «ለመልካም ነገር» የእግዚአብሔር አገልጋይ ነው ይላል። አገልጋይ ከሆነ ጌታ አለው፤ የተላከበትም ሥራ አለው። ደግሞ ይህን የጻፈው ራሱ ደጋግሞ የታሰረ ሰው ነው። ስለዚህ ሮሜ 13 ሕግን በቀላሉ አትናቁ ይላል እንጂ ሹም ያለው ሁሉ ትክክል ነው አይልም።

ታዲያ ሁለተኛው ዓይነት መቼ ይፈቀዳል? የእናንተን የሚመስል አንድ ታሪክ ልንገርሽ። በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ በርሚንግሃም በምትባል ከተማ በ1963 የሆነ ነው። (ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በዚያ ጊዜ ጥቁሮች በከተማዋ ትልልቅ ሱቆች ገንዘባቸውን ያወጣሉ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ ካሉት ምሳ ቤቶች ግን ተቀምጠው መብላት አይፈቀድላቸውም። የጥቁሮች ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በቦምብ ይመታሉ፤ አድራጊው አይያዝም። ቄስ ፍሬድ ሸትልስዎርዝ በከተማዋ ለዓመታት ሲታገሉ ቆይተው ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግን ጋበዙ።

ኪንግ ወደ ሕግ መጣስ ከመሄድ በፊት መታለፍ ያለባቸውን ደረጃዎች በግልጽ አስቀምጦ ነበር። በመጀመሪያ በደሉ በእርግጥ መኖሩን ማጣራት። ከዚያ መደራደር። ከዚያ ራስን ማንጻት። በመጨረሻ አደባባይ መውጣት። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ፤ ሰልፉ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ድርድሩ የይስሙላ አልነበረም። በ1962 መስከረም ላይ ነጋዴዎቹ ዘር የሚለዩትን ምልክቶች ከሱቃቸው ሊያነሡ ቃል ገቡ። ሰልፉም ቀረ። ጥቂቶች አነሡና መልሰው ሰቀሉ፤ ሌሎቹ ከነጭራሹ አልነኩትም። ቀጥሎ የከንቲባ ምርጫ መጣ። ሰልፉ የምርጫ መሣሪያ እንዳይሆን ተብሎ እንደገና ተገፋ። ሚያዝያ 2 ምርጫው አለቀ፤ ሚያዝያ 3 ተቃውሞው ተጀመረ።

ራስን ማንጻት ያሉት ደግሞ ስልጠና ነው። የሚወጣው ሰው «ሲመቱህ ሳትመታ ትችላለህ ወይ? እስር ቤቱን ትችለዋለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። አልችልም ያለ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ ስልክ መቀበል፣ ጽሑፍ ማባዛት። ይህ ክፍል ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። እኛ ብዙ ጊዜ ለሰልፍ የምናዘጋጀው መፈክር ነው፤ ሰውን አናዘጋጅም።

ፈቃድም ጠይቀው ነበር። የከተማዋ ኮሚሽነር ቡል ኮነር ፈቃድ የለም፣ እኔ የማደርሳችሁ እስር ቤት ነው ብሎ መለሰ። ሚያዝያ 10 የግዛቲቱ ዳኛ ሰልፉን የሚከለክል እግድ አወጣ። ከሁለት ቀን በኋላ ሚያዝያ 12፣ የእነርሱ ዓርብ ስቅለት ነበር። ኪንግ፣ ቄስ ራልፍ አበርናቲና በርከት ያሉ ሰዎች ቀን ለቀን፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ሄዱ። ፖሊስ ያዛቸው። አልሮጡም፣ አልታገሉም።

አሁን የእናንተን ጉዳይ ከዚህ ጋር አስተያዪው። በደሉ ከባድ ነው ወይስ የማይመች ብቻ? ቀረጥ በዛብኝና ልጄ በዘሩ ተለይቶ ተገፋብኝ እኩል አይደሉም። መንገዱ ሁሉ ተሞክሯል? ጓደኞችሽ ፈቃድ ጠይቀው ተከልክለዋል፤ ይህ አንድ እርምጃ ነው። ይግባኝ ጠይቀዋል? ጳውሎስ እንኳ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። በዚያው ንግግሩ ሞት የሚገባውን አድርጌ ከሆነ ከሞት ልዳን አልልም ማለቱን አትርሺ። ሕጉን የተቃወመ ሰው ሕግ የሚባለውን ነገር ራሱን እንደሚያከብር የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፤ ቅጣቱን ይቀበላል። በድብቅ ጥሶ የሚያመልጥና በግልጽ ጥሶ «እነሆኝ» የሚል አንድ አይደሉም። ሁለተኛው «ይህ ሕግ ስሕተት ነው» ይላል። የመጀመሪያው «ሕግ እኔን አይመለከተኝም» ነው የሚለው።

እርግጥ ቅጣት መቀበል የሚባለው ነገር ወሰን አለው። ሲፓራና ፉሐ ለፈርዖን «አዎ፣ አዳንናቸው» አላሉም። ቢሉ ሕፃናቱ ያልቁ ነበር። የሌላ ሰው ሕይወት በአንቺ ዝምታ ላይ ከተንጠለጠለ መደበቅ ሌላ ነገር ይሆናል። (የአዋላጆቹ መልስ ውሸት ነበር ወይ የሚለው ከጥንት ጀምሮ ያከራከረ ነው። እግዚአብሔር ዋጋ የከፈላቸው ለርኅራኄያቸው ነው የሚለው ለእኔ ይጥመኛል።) ሰልፍ ላይ ግን ይህ የለም። ሰልፍ በባሕርዩ ይፋ ነው። ፊት መሸፈን ከተጀመረ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። ድንጋይ ከተወረወረማ አልቋል፤ ያኔ ያለሽበት ሰላማዊ እምቢተኝነት አይደለም፣ ቶሎ ውጪ።

በርሚንግሃምም እንከን አልነበረውም። ግንቦት ላይ የሚታሰር ጎልማሳ ሲያንስ የትምህርት ቤት ልጆች አደባባይ ወጡ። ውሻ ተለቀቀባቸው፤ በእሳት አደጋ ውኃ ተመቱ። ፎቶግራፉ ዓለምን አናወጠ፤ ግንቦት 10 ከነጋዴዎቹ ጋር ስምምነት ላይ ተደረሰ። ውጤቱ ያማረ ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ ልቤ አይቀበለውም። ለመከራ የሚመዘን ሰው ራሱ ፈቃድ መስጠት አለበት፤ ልጅ ደግሞ የሚፈቅደውን ገና አያውቅም። በዚህ የማይስማሙኝ ብዙ ናቸው፤ ልጆቹ ከማንም በላይ የሕጉ ሰለባ ነበሩ ይላሉ። እሱም ቀላል ክርክር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጓደኞችሽ «እውነት ካለን ፍርድ ቤት ነጻ ያወጣናል» የሚሉ ከሆነ ይስሙት። የኪንግና የጓደኞቹ ጉዳይ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ1967 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደባቸው። ምክንያቱ ይህ ነው፦ እግዱ ስሕተት ቢሆን እንኳ መጀመሪያ በፍርድ ቤት ልታስነሡት ይገባ ነበር፣ ዝም ብላችሁ መጣስ አልነበረባችሁም። ኪንግ በዚያው ዓመት ተመልሶ ታሰረ። በ1969 ያው ፍርድ ቤት በቄስ ሸትልስዎርዝ ጉዳይ ያ የሰልፍ ፈቃድ ደንብ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። ማለትም ደንቡ መጥፎ መሆኑ ተረጋገጠ፤ የተከፈለው እስር ግን ተከፍሏል። ቅጣት እቀበላለሁ ማለት ይህንንም ይጨምራል።

እንግዲህ ለጥያቄሽ። ይግባኙ ገና ካልተሞከረ፣ አሁን መሄድሽን አልደግፍም። አቤቱታው ላይ ግን ስምሽን ጻፊ፤ ይግባኙን ስታቀርቡም አብረሽ ሂጂ። እውነተኛ በደል ኖሮ፣ በሩ ሁሉ ተንኳኩቶ ከተዘጋ፣ ሰልፉን የሚመሩትም ማንንም እንዳይጎዱ የሠለጠኑ ከሆኑ፣ ብትሄጂ ኃጢአት ነው አልልሽም። ብትቀሪም ፈሪ ነሽ የሚልሽ መብት የለውም፤ ይህ የሠለስቱ ደቂቅ ዓይነት ግዴታ አይደለምና። ከመሄድሽ በፊት ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። ለእናትሽም ንገሪያት፤ ተደብቀሽ አትሂጂ። ብትታሰሪ ማን እንደሚጠይቅሽ፣ ሥራሽን ማን እንደሚሸፍንልሽ፣ በአንቺ እጅ የሚኖር ሕመምተኛ ወይም ሕፃን ካለ ማን እንደሚይዘው አስቀድመሽ ጨርሺ። ፖሊስ ቢይዝሽ እጅሽን አትሰብስቢ፣ አትሳደቢ፤ ፍርድ ቤት «ነበርሽበት ወይ?» ቢልሽ ነበርኩበት በይ፣ ለምን እንደነበርሽም አስረጂ።