ደጋግሞ ማንበብ፣ የት እንደሚታረፍ እያወቁ

«ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ቃላቱን ታነባለች፣ ምን አነበብሽ ስላት ግን ዝም። አንዱን ጽሑፍ ደጋግሞ ማስነበብ ይጠቅማል? ከፍኖተ ሰላም ነኝ።»

እህቴ፣ ይጠቅማል። መጀመሪያ ግን ስታነብ የት የት እንደምታርፍ አዳምጫት። ለምሳሌ ይህን ውሰጂ፦ «ልጁ ቡሬ ገበያ የሄደውን አባቱን በር ላይ ቆሞ ጠበቀ።» ቃል በቃል የሚያነብ ልጅ «የሄደውን» ላይ ሊያርፍ ይችላል። ገበያ የሄደው ማነው ስትይው «ልጁ» ይልሻል። አንድም ቃል አልሳተም፤ ያረፈው ግን ያለ ቦታው ነው።

ከ50 እስከ 100 ቃል ያለው አጭር ታሪክ ምረጪ። ከአስር ቃል ከአንድ በላይ ከሳተች ከብዷታልና ቀይሪው። አንቺ ቀድመሽ በስሜት አንብቢላት፦ «ልጁ / ቡሬ ገበያ የሄደውን አባቱን / በር ላይ ቆሞ ጠበቀ።» ከዚያ እሷ ሦስት አራት ጊዜ ታንብበው። በየመሃሉ «ማን ሄደ? ማን ጠበቀ?» በያት። እረፍቱ ቦታውን ሲይዝ መልሱም አብሮ ይስተካከላል። ፍጥነት አትጠይቂያት፣ እሱ በድግግሞሹ ራሱ ይመጣል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ። ልጆች ታሪኩን በቃላቸው ይይዙትና ያነበቡ ይመስላሉ። ከመሃል አንድ ቃል በጣትሽ ጠቁመሽ ጠይቂያት። ካወላወለች ያንን ዓረፍተ ነገር ለብቻው፣ ቀስ ብላ፣ ጣቷን እያስከተለች ታንብበው።