ቡድን መሪነቱን ከመቀበልህ በፊት ደብዳቤውን አንብበው

«ካዛንቺስ አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ስትራክቸራል መሐንዲስ ነኝ። የስድስት ሰው ቡድን መሪ ሁን ተባልኩ፤ እኔ ግን የምወደው ዲዛይኑን ነው። ልቀበል?»

ወንድሜ፣

1. ከደመወዙ በፊት ሥልጣኑን እይ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 «የሥራ መሪ» የሆነ ሰው በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ አይሸፈንም። የሥራ መሪ የሚያሰኝህ ማዕረጉ ሳይሆን የተሰጠህ ሥልጣን ነው። ደብዳቤው ላይ ሠራተኛ መቅጠር፣ ማዛወር፣ ማገድ ወይም ማሰናበት ካለ፣ በሥራ ቀን እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለምታመሸው 1.5 እጥፍ፣ በበዓል ለምትሠራው 2.5 እጥፍ የሚከፈልህ የትርፍ ሰዓት መብት ይቀራል። ማምሸቱ ግን አይቀርም። ስለዚህ ወይ ሥልጣንህ ዲዛይን ማከፋፈልና ማረም ብቻ ይሁን፣ ወይ የቀረብህን የሚተካ የኃላፊነት አበል በቁጥር ይጻፍልህ።

2. ሳምንትህን ቁጠረው። ከ48 ሰዓት ውስጥ ስድስቱን ሰው ለየብቻ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ብታነጋግር 3 ሰዓት ነው። የእያንዳንዱን ድሮዊንግና ስሌት ለማየት ሁለት ሰዓት ተኩል ብትሰጥ 15 ይሆናል። ከባለቤትና ከኮንትራክተር ጋር ስብሰባውና ሳይቱ ከነመንገዱ 10፣ ሪፖርትና ፈቃድ 6 ያዝለት። የሚተርፍህ 14 ሰዓት ነው፣ እሱም ተበጣጥሶ። ሞዴል ደግሞ ተበጣጥሶ አይሠራም። ETABS ላይ ለስንጥቅ የሚሰጠውን 0.5 ለቢሞቹ ሰጥተህ ወደ ኮለኖቹ ልትሄድ ስትል አንዱ «አንዴ ብቻ» ብሎ ይጠራሃል። ተመልሰህ የጨረስክ መስሎህ ራን ታደርገዋለህ። ሕንፃው ከልኩ በላይ ግትር ሆኖ ድሪፍቱ አንሶ ይወጣል፣ ስህተት መሆኑንም ምንም አይነግርህም። ዲዛይን የሚወድ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱንም እሠራለሁ ብሎ ሁለቱንም በግማሽ ይይዛል።

3. «ካልተመቸህ ትመለሳለህ» የሚለውን የቃል ተስፋ አትቀበል። የሰው ኃይል ክፍል «ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ቦታ የለም» ይልሃል፤ ቅጹ ላይ ባይኖር በሸኚ ደብዳቤ ይጻፍ! ካልተጻፈ መደብህ በሌላ ሰው ይሞላና መመለሻ ታጣለህ። የሦስት ወር ተጠባባቂነት ጠይቅ፣ የቀድሞ መደብህና ደመወዝህ እንደተጠበቀ ይስፈር። በሦስቱ ወር አንድ ነገር መዝግብ። ጀማሪው ፓንቺንግ ያላለፈ ስላብ ይዞልህ ሲመጣ፣ ማውሱን ተቀብለህ ራስህ ነው የምታስተካክለው? ወይስ ኮለኑ ዳር ላይ አክብበህ «የትኛውን ፔሪሜትር ወሰድክ?» ብለህ ትመልስለታለህ? በሦስተኛው ወር ራስህ ያስተካከልከው ከመለስከው ከበለጠ መሪነቱን አትውሰደው። እምቢ ስትል ግን ባዶ እጅህን አትውጣ። ሰው ሳታስተዳድር የሌሎችን ስሌት የምታጣራበት የዋና መሐንዲስ መደብ ጠይቅ። ለእድገት ከወንበር ሌላ መንገድ የለም የሚሉ ቢሮዎች በጣም ያናድዱኛል፤ ጥሩ አጣሪ ማግኘት ጥሩ አለቃ ከማግኘት ይከብዳል። መደቡ መዋቅሩ ውስጥ ከሌለ የሥራ ዝርዝሩን በአንድ ገጽ ራስህ አርቅቀህ ከእምቢታ ደብዳቤህ ጋር አያይዘው።