42 ፊደል ለአማርኛ ሰብታይትል አይሆንም

«የፈረንሳይኛ ፊልም በአማርኛ ሰብታይትል እየሠራሁ ነው። በመስመር 42፣ በሰከንድ 17 ፊደል የሚለውን ሕግ ጠብቄያለሁ። ደሴ ላይ ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ግን "አልደረስንበትም" አሉኝ። ምን ላድርግ?»

አብሽር ወንድሜ፣ ችግሩ የቁጥሩ ነው። 42 እና 17 የወጡት ለላቲን ፊደል ነው። እዚያ ተነባቢና አናባቢው ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ የኛ አንዱ ፊደል ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም ይይዛል። «ሰላም» በኛ ሦስት፣ በላቲን አምስት ነው። ስለዚህ በሰከንድ 17 የአማርኛ ፊደል ስትል ሰዉን እያስሮጥከው ነው። ፊደላችን ሰፊም ስለሆነ 42ቱ በአንድ መስመር ሲደረደር ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ይሞላዋል።

እኔ እዚህ ኮምቦልቻ ስሠራ በመስመር ከ28፣ በሰከንድ ከ12 አላልፍም። ክፍት ቦታውንም እቆጥራለሁ። ሕግ አይደለም፣ የኛን ተመልካች እያየሁ የያዝኩት ልክ ነው። Subtitle Edit የምትጠቀም ከሆነ Options ውስጥ Settings ግባና ሁለቱን ቁጥር ቀይራቸው። ከዚያ ያለፈውን ራሱ በቀለም ያሳይሃል።

ከባዱ መቁረጡ ነው። አንዲት ሴት ባቡር ጣቢያ ቆማ በሦስት ሰከንድ የምትለው እንዲህ ነው እንበል፦ «እንደማትመጣ ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ቆሜ አልጠብቅህም ነበር።» ይሄ 57 ነው፣ በሰከንድ 19። ያለህ ግን 36 ብቻ ነው። ጣቢያው ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ መቆሟም ይታያል። ዓይን የሚያየውን አትጻፈው፦

```
214
00:18:02,000 --> 00:18:05,000
እንደማትመጣ ብትነግረኝ ኖሮ
ሌሊቱን ሙሉ አልጠብቅም ነበር።
```

ልክ 36 ሆነ። «ሌሊቱን ሙሉ» የሚለውን ግን እንዳትነካ፤ ንዴቷ ያለው እዚያ ላይ ነው። መስመሩም የተሰበረው ሐሳቡ በሚያርፍበት ቦታ ነው። «ሌሊቱን»ን ላይ፣ «ሙሉ»ን ታች ብታደርግ አንባቢው ይደናቀፋል።

ሌላው ጣጣ የግሳችን ቦታ ነው። ፈረንሳዩ «አገባሁ…» ብሎ ይጀምራል፣ ትንፋሽ ይወስዳል፣ ከዚያ «እህትህን» ይላል። አንተ «እህትህን አገባሁ» ብለህ አንድ ላይ ከጻፍክ ወሬው ከተዋናዩ አፍ ቀድሞ ወጣ፣ ቀልዱም ሞተ። ለሁለት ክፈለውና መጀመሪያ «ያገባሁት…» በል፣ ሲናገር ደግሞ «እህትህን ነው።» አምጣ። አማርኛው አይንገዳገድም፣ ቅደም ተከተሉም የፊልሙ ይሆናል።

ስትጨርስ ፊልሙን ላላየ ሰው አሳየው። አንተ ግን ስክሪኑን ትተህ ፊቱን እይ። ሳቁ ከተዋናዩ ከቀደመ አከፋፈልህ ተበላሽቷል፤ ከዘገየ ጽሑፉ ረዝሟል። ጎኑ ላለ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ካለ ደግሞ፣ እዚህ አካባቢ የተለመደ ነው፣ 12ቱም ይበዛል። ወደ 10 አውርደው።