የአያት መዝገብ ስታነቡ

ልጆቼ፣ ጅማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ጥብቅና ስሠራ ብዙ አሮጌ ደብተር ገልጫለሁ። ባለፈው ክረምት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሟች አያቷን መዝገብ ይዛ ቤቴ መጣች። የመሬትና የብድር መዝገብ ነው፤ ጠርዙን ምስጥ በልቶታል።

"አባባ፣ ተበዳሪው 112 ብር ወስዶ በቡና ከፍሎ ጨርሷል። መሬቱ ግን እኛ ጋ ቀርቷል ማለት ነው" አለችኝ።

እስቲ አሳዪኝ አልኳት። መስመሩ "ብር ፻፷፭" ይላል። እሷ ፷ን ፯ ብላ አንብባ፣ መቶና ሰባትና አምስት ደምራለች። አልፈርድባትም፤ በእጅ ጽሑፍ ሁለቱ መንታ ናቸው። ግን በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለም፤ አሥር ቤቱና አንድ ቤቱ ለየራሳቸው ምልክት አላቸው። ሁለት የአንድ ቤት አኃዞች ተከታትለው አይመጡም። ከኋላ ፭ ካለ፣ ከፊቱ ያለው የግድ ፷ ነው። ስለዚህ ብድሩ 165 ብር ነው።

ዋናው ስህተት ግን ሌላ ነበር። ከ1957 እስከ 1960 ዓ.ም በየዓመቱ "፫ ፈረሱላ ቡና" ተጽፏል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና በዓመት 51 ኪሎ መሆኑ ነው። ልጅቷ ቡናውን በብር ተምና ከዕዳው ላይ ቀንሳዋለች። እኔ ዳር ላይ ያለችውን "ወ.አ." አሳየኋት። የሰው ስም መስሏት አልፋታለች።

ወለድ አገድ ነው። ተበዳሪው መሬቱን ለአበዳሪው ይሰጣል፤ አበዳሪው በወለድ ፋንታ ምርቱን ይበላል። ዋናው ብር እስኪመለስ መሬቱ በእጁ ይቆያል። ቡናው ወለድ እንጂ የዕዳ ክፍያ አይደለም፤ ከዋናው ሳንቲም አይነካም። ማረጋገጫው እዚያው ገጽ ላይ ነው፦ አራቱንም ዓመት "ዋናው ፻፷፭" እየተባለ ሳይጎድል ተገልብጧል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲገጥማችሁ ከመቀነሳችሁ በፊት ዋናው ከዓመት ዓመት መቀነሱን እዩ።

በ1961 መስመሩ በቀይ ቀለም ተሰርዟል። ከሥሩ "ዋናው ገባ፤ መሬት ለባለቤቱ" ይላል።

"እና መሬቱ?"

"አያትሽ መልሰውታል።"

ባይመልሱትስ ኖሮ? የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆኗል በሚል ታውጇል። በዚያ መዝገብ ዛሬ መሬት የሚጠይቅ ሰው የትም አይደርስም። የሚገርመው፣ መዝገቡም ከጥር 1967 በኋላ ባዶ ነው።

ልጅቷ ዝም አለች። ለካ አባቷ ያንን መሬት አስመልሳለሁ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢሮ ለቢሮ ተንከራቷል። ላጲስ አውጥታ ማስታወሻዋ ላይ 112ን አጠፋች፤ 165 ጻፈች።

"አሁን ለአባዬ ምን ብዬ ነው የምነግረው?"

ሁለተኛውን ቡና ቀዳሁላት። "ከ፷ ጀምሪለት" አልኳት።