ከቃለ ምልልስ ወደ ምስክርነት ቪዲዮ፦ የተናጋሪዋን ሐሳብ ሳናዛባ (ጥያቄና መልስ)

ደሴ ላይ ለማኅበራትና ለአነስተኛ ነጋዴዎች የምስክርነት ቪዲዮ ስክሪፕት እጽፋለሁ። ከጥያቄዎቻችሁ የቻልኩትን መልሻለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ 40 ደቂቃ የተቀዳ ቃለ ምልልስ አለኝ። ማኅበሩ የሚፈልገው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው። ከየት ልጀምር?

ከድምፁ ጀምር። የተገለበጠውን ጽሑፍ ይዘህ ቅጂውን አዳምጥ፤ ከምትመርጠው ዓረፍተ ነገር ጎን የተነገረበትን ደቂቃ ጻፍ። በኋላ «እንዲህ ብለዋል ወይ?» ስትባል ፈልገህ የምታገኘው በዚያ ነው።

አንድ ሥራ ላሳይህ። ሐይቅ አካባቢ ዶሮ የሚያረቡ አንዲት እናት እንዲህ አሉኝ፦ «ፈንግል ገብቶ ከ30 ዶሮ 12 ሞተብኝ። ከዚያ ማኅበሩ ክትባት አመጣ። ካስከተብኩ ወዲህ አልሐምዱሊላህ አልሞተብኝም። የዘንድሮው በሽታ ግን ገና አልመጣም፣ እንጃ።»

የመጀመሪያው ረቂቄ «የማኅበሩ ክትባት ዶሮዎቼን ከሞት አዳነልኝ» ይል ነበር። አጭር ነው፣ ያምራል። ግን እሳቸው አላሉም። እሳቸው የነገሩኝ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ ነው፤ «አዳነ» ብዬ ምክንያትና ውጤት ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጥርጣሬያቸውንም ጣልኩት። ስለዚህ ወደ ራሳቸው ዓረፍተ ነገሮች ተመለስኩ። «እንጃ»ንም አልቆረጥኳትም። «ከ30» የምትለዋንም ልቆርጣት ነበር፤ ግን 12 ዶሮ ብቻውን ሲነገር ሰሚው ብዙ ይሁን ጥቂት አያውቅም።

ከወልድያ፦ እኔ አንድ ቃል አልነካም። የተናገሩትን እንዳለ ማስቀመጥ ነው ታማኝነት።

ግማሹ ልክ ነው። ቃላቸውን በራስህ ቃል አለመተካት ጥሩ ልማድ ነው። ድግግሞሹን፣ «ምን ልበልህ» የሚለውን፣ ተጀምሮ የተተወውን ዓረፍተ ነገር ግን ብታወጣ ሐሳቡ አይጎዳም።

ችግሩ አንድ ቃል ሳትቀይር፣ በመቁረጥ ብቻ ልትዋሽ መቻልህ ነው። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እኚያ እናት «‹ዶሮ ሥራ አይደለም› ይለኝ ነበር ልጄ» ብለዋል። ለማሳጠር ብለህ «ዶሮ ሥራ አይደለም» ላይ ብታቆም፣ የልጃቸው ሐሳብ የእሳቸው ሆኖ ይቀራል። «መሰለኝ»፣ «ነበር»፣ «ይላሉ» ሁሉም ጅራት ላይ ናቸው። እኔ ከመቁረጤ በፊት የዓረፍተ ነገሩን መጨረሻ አያለሁ።

ከከሚሴ፦ ጠያቂው «ገቢዎ በእጥፍ አደገ?» ሲላቸው «አዎ፣ መሰለኝ» ብለዋል። «ገቢዬ በእጥፍ አደገ» ብዬ ልጻፍ?

አትጻፊ። «እጥፍ» የጠያቂው ቃል ነው። ደውይላቸውና «በፊት እንቁላሉን ምን ያደርጉት ነበር? አሁንስ?» ብለሽ ክፍት አድርገሽ ጠይቂ። እኚያ ዶሮ አርቢ እናት ተመሳሳይ ጥያቄ ስጠይቃቸው «ድሮ ለልጆቹ ነበር፤ አሁን ሰኞ ገበያ ወስጄ እሸጣለሁ» አሉ። ለቪዲዮም ከእጥፉ ይህ ይሻላል፣ ዓይን ላይ ይታያል።

ከሐይቅ፦ ለመሬት ክርክር ምስክር ልቆም ነው። የእኔንም ቃል እንዲህ ታሳጥርልኛለህ?

አይ ጋሼ፣ ይሄ የማስተዋወቂያ ቪዲዮ ነው። ለፍርድ ቤት ያዩትን በራስዎ አንደበት ይናገሩ። ጥያቄ ካለዎት ጠበቃ ያማክሩ።

ከደሴ፦ እኔን አንድ ማሠልጠኛ ቀርጾኝ ነበር። አስተማሪዋን ያመሰገንኩት ቪዲዮው ላይ ገባ፤ ስለ ክፍያው ያማረርኩት ተቆረጠ። ሰው ሲያየኝ አፍራለሁ።

ያሳዝናል፤ ተቆጥተሽ ብትጽፊላቸው መብትሽ ነው። ቅሬታ ሁሉ ቪዲዮ ውስጥ ይግባ አልልም። ቪዲዮው ስለ አስተማሪዋ ብቻ ከሆነ ክፍያው ሊቀር ይችላል። «ማሠልጠኛው በሁሉም ነገር አርክቶኛል» የሚል ስሜት ከሰጠ ግን አዛብተውሻል።

ለዚህ ነው ከመቀረጹ በፊት ስክሪፕቱን ለባለቤቱ ድምፄን ከፍ አድርጌ የማነበው። «ትክክል ነው?» ብዬ አልጠይቅም፤ ይሉኝታ አለ፣ ሁሉም «አዎ፣ ጥሩ ነው» ይላል። «የቱን ልቀይረው?» ነው የምለው። እኚያ እናት ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «ክትባቱን ያመጣችው እኮ የግብርና ባለሙያዋ ናት። ማኅበሩ ጠራልን እንጂ» አሉ። ቅጂው ላይ «ማኅበሩ አመጣ» ያሉት ራሳቸው ናቸው። ሲሰሙት ግን አረሙት። «ማኅበሩ ባለሙያ ጠራልን፤ እሷ ከተበችልን» ብለን አስተካከልን። ማኅበሩ ቅር ብሎት ነበር፤ በመጨረሻ ተቀበለው።

ከላሊበላ፦ ደንበኛዬ «አብሽር» እና «አልሐምዱሊላህ» የሚሉት ይውጡ፣ አነጋገሩ መደበኛ ይሁን ይላል።

እኔ አላወጣም። «አልሐምዱሊላህ»ን «ደስ ብሎኛል» ብትለው ምስጋናው ለማን እንደሆነ ይቀየራል። «አብሽር»ም ሲወጣ ሴትዮዋ ወሎዬ መሆናቸው ይጠፋል።

ከኮምቦልቻ፦ ወንድሜ፣ ሌላ ክልል ያለ ተመልካች የአካባቢውን አነጋገር ሁሉ አይረዳም። እኔ ጥቂቱን አቀላለሁ፣ ማንም አልተቀየመኝም።

ከስር ጽሑፍ አድርግበት እላለሁ፤ ድምፁ ይቆይ። የሬዲዮ ሲሆን ግን ጽሑፍ የለም። እዚያ ላይ እኔም ገና አልወሰንኩም። ሬዲዮ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩን።