የታሪክ ጸሐፊን ሐሳብ በራስ ቃል ማስፈር

ጥያቄ፦ «ለመመረቂያ ጽሑፌ ክፉ ቀን ስለተባለው የረኃብ ዘመን ካነበብኋቸው መጻሕፍት ሐሳብ ስወስድ ቃላቱን እየለወጥሁ ብጽፍም፣ አማካሪዬ ቅጂ ነው ብለው መለሱልኝ። ምንጩን በግርጌ ጠቅሻለሁ፤ ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

መልስ፦ ጥፋቱ ከቃላቱ ይልቅ በዐረፍተ ነገሩ አወቃቀር ላይ ይመስለኛል። ለማሳያ እኔው ያዘጋጀሁትን ዐረፍተ ነገር የአንድ ታሪክ ጸሐፊ አድርገን እንውሰድ፦ «በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ የገበሬውን በሬ ስለፈጀ፣ ዝናቡ በቀረ ጊዜ ረኃቡን የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም።» ይህን «በምጽዋ አድርጎ የመጣው የከብት ወረርሽኝ የአራሹን በሬ ስለጨረሰ፣ ዝናብ በጠፋ ጊዜ ረኃቡን የሚመክትበት ጉልበት አልነበረውም» ብንለው፣ ቃል በቃል ተተካ እንጂ የሐሳቡ ቅደም ተከተልና የምክንያቱ ማያያዣ፣ ማሰሪያ አንቀጹም ሳይቀር የጸሐፊው ነው። የግርጌ ማስታወሻው የሐሳቡን ምንጭ ይጠቁማል፤ አጻጻፉም የተወሰደ መሆኑን ግን አይገልጽም።

በሽታው በምጽዋ መግባቱ በብዙ መጻሕፍት የሚገኝ የታወቀ ነገር ሲሆን፣ የጸሐፊው የግሉ የሆነው በሬ ማጣትንና ድርቅን ያያያዘበት ክርክር ነው። ስለዚህ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «እንደ ጸሐፊው ክርክር፣ ክፉ ቀንን ያከበደው የዝናብ እጥረት ብቻ አልነበረም፤ ድርቁ የደረሰው ከብት ካለቀና ማረስ ካስቸገረ በኋላ ነው።» ባለሐሳቡን ከፊት ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚውል፣ ከረጅም አንቀጽ በኋላ «ሲሉ ጽፈዋል» ቢባል አንባቢው የተወሰደው ሐሳብ ከየት እንደጀመረ አያውቅም። ምንጩ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነም፣ ወደ አማርኛ መመለሱ ብቻ ጽሑፉን የእርስዎ አያደርገውም።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ማስታወሻ ሲያዝ ነው። ከመጽሐፉ የሚገለበጠው ቃል ገና ሲጻፍ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ፤ የፊደሉ አጻጻፍም እንዳለ ይጠበቅ፤ የገጹ ቁጥርም እዚያው ይስፈር። ጥቅሱን በኋላ አስገባዋለሁ ማለት አደገኛ ነው፤ ከወር በኋላ የተገለበጠውን ከራስ ቃል መለየት ያስቸግራልና። የራስዎን አገላለጽ ግን መጽሐፉን ዘግተው፣ በሌላ ገጽ ላይ፣ «የእኔ» የሚል ምልክት አድርገው ይጻፉት። ከዚያ መጽሐፉን ገልጠው ያስተያዩ፤ እንደ ምጽዋና ክፉ ቀን ያሉት ስሞች መመሳሰላቸው ግድ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ቃላት በተከታታይ ከገጠሙ ግን ወይ በትእምርተ ጥቅስ ያስገቧቸው፣ ወይ እንደገና ይጻፉ።

በዚህ ርእስ ላይ ዓመተ ምሕረት ሲገለብጡ የቀን አቆጣጠሩንም አብረው ይመዝግቡ፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1888 ክፉ ቀን የጀመረበት ዓመት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ግን 1888 የዐድዋ ድል ዓመት ነው።